ቆዳውን የተሸከመው ማነው?

ቅዳሜ ጠዋት

በሜትሮ ኤ መስመር ሳን ጆቫኒ ወርጄ ወደ ላተራኖ ባዚሊካ ገባሁ። ይህ ቤተ ክርስቲያን የሮም ከተማ ካቴድራል ነው፤ ብዙ ሰው የቅዱስ ጴጥሮስ ይመስለዋል። ከበሩ እስከ መሠዊያው ባለው ሰፊ መተላለፊያ ግራና ቀኝ፣ ግድግዳው ውስጥ ጠለቅ ብለው የተሠሩ 12 ቦታዎች አሉ። በእያንዳንዳቸው ውስጥ አንድ አንድ የእብነ በረድ ሐዋርያ ቆሟል። እያንዳንዱ ቁመቱ ከ4 ሜትር ያልፋል።

ቦታዎቹን ያዘጋጀው ቦሮሚኒ የተባለው አርክቴክት ነው፣ ለ1650 ኢዮቤልዩ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ከዚያ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ባዶ ቆዩ። ሐውልቶቹ የተሠሩት ከ1700ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1718 ባለው ጊዜ ሲሆን፣ ሥራው ለአንድ ሰው አልተሰጠም። ለተለያዩ ቀራጺዎች ተከፋፈለ።

ለራሴ ያወጣሁት ሥራ ይህ ነው። የእያንዳንዱ ስም በላቲን ከእግሩ ሥር ተጽፏል። ስሙን ሳላይ ማንነቱን ከያዘው ዕቃ፣ ከአቋሙና ከፊቱ ልለይ፤ ከዚያ ጽሑፉን አንብቤ ላመሳክር። ጋዜጣ አጥፌ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ክንዴን ዘርግቼ የሐውልቱን መቆሚያ እሸፍናለሁ። ከጉልበቱ በላይ ብቻ ይታየኛል። ካልበቃኝ ጋዜጣውን ትንሽ ዝቅ አድርጌ እግሩ ሥር ያለውን አያለሁ፤ ጽሑፉን ግን እስከ መጨረሻው አላይም።

ማስታወሻ ደብተሬን በሦስት ከፈልኩት። በእጁ ምን ይዟል? እግሩ ሥር ወይም ጎኑ ምን አለ? ሰውነቱስ፣ ጢሙ፣ ዕድሜው፣ ፊቱ ወዴት ያያል? በመጨረሻ ግምቴን እጽፋለሁ። ግምቴ በእስክሪብቶ ነው፣ በእርሳስ አይደለም። ስሙን ካነበብኩ በኋላ ልሰርዘው አልፈልግም።

ከመሠዊያው በኩል ጀመርኩ። የመጀመሪያው ቁልፍ ይዟል። ጴጥሮስ ነው፣ ማንም አይስተውም። ፊት ለፊቱ ያለው ሰይፍ አለው። ጳውሎስ። ሰይፉ የተዋጊነት ምልክት አይደለም፣ የሞተበት ነው። ጳውሎስ የሮም ዜግነት ነበረው፤ ሮማዊ ደግሞ በመስቀል አይሰቀልም፣ አንገቱ ነው የሚቀላው። ቀጥሎ ትልቅ፣ እንደ ኤክስ የተጋደመ መስቀል ያቀፈ ሽማግሌ አለ። እንድርያስ። ጋዜጣውን አወረድኩ፣ ስሞቹን አነበብኩ። ሦስቱም ልክ ናቸው።

ጽሑፉን ለማንበብ ላቲን ማወቅ አያስፈልግም ማለት ይቻላል። መጀመሪያ ላይ ያለችው ኤስ «ሳንክቱስ»፣ ቅዱስ ማለት ናት። ዩ ባለበት ቦታ ሁሉ ቪ ተቀርጿል፣ የጥንት ሮማውያን አጻጻፍ ስለሆነ። ይህን ካወቁ ስሞቹ ከእኛዎቹ ብዙም አይርቁም።

እዚያው ቅዳሜ፣ ከቀትር በፊት

ይሄኛውን ሳየው ክው አልኩ። ጺማም፣ ጠንካራ ሰው ነው። በአንድ እጁ ቢላ ይዟል። በሌላው እጁ የተገፈፈ የሰው ቆዳ ዘርግቷል። የቆዳው ፊት በግልጽ ይታያል። ዓይን የነበረበት ቀዳዳ ነው፣ አፉ ረግቧል፣ ጢሙ እንኳ እዚያው ላይ ተንጠልጥሏል። ሰውዬው ራሱ ግን ሙሉ ነው፣ አንድም ቁስል የለበትም። ቀራጺው ያሳየው ከሞት በኋላ ያለውን አካል ነው። ተገፍፎ የሞተው ሰው ድኖ፣ የተገፈፈበትን ምስክር ይዞ ቆሟል።

ደብተሬ ላይ ሳላመነታ «ቶማስ» ብዬ ጻፍኩ።

ማንም ኢትዮጵያዊ ኦርቶዶክስ ቤት ያደገ ሰው ይህንኑ ይጽፋል ብዬ አስባለሁ። ቶማስ ህንድ ሄዶ ሲሰብክ ቆዳውን ገፈፉት፤ ቆዳውን እንደ ስልቻ አድርገው አሸዋ ሞልተው አሸከሙት፤ በዚያው ቆዳ ሙት አስነሳ ሲባል ነው የሰማነው። ቆዳውን ትከሻው ላይ የተሸከመ ሐዋርያ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላይ ካየን ቶማስ ነው።

ጋዜጣውን አወረድኩ። በኤስ ይጀምራል፣ ቀጥሎ ግን ቢ ነው። በርተሎሜዎስ ይላል።

እሑድ ማታ

እማዬ ጋ ደወልኩ። ፎቶውን አስቀድሜ በዋትስአፕ ልኬላት ነበር፣ ስሙን ቆርጬ አውጥቼ።

«ቶማስ ነው እንጂ!» አለች ገና ሳልጠይቃት። «ግንቦት 26 እኮ ነው የምንዘክረው። ምን ሆነህ ነው ይሄ የጠፋህ?»

«በርተሎሜዎስ ነው ይላል እማዬ፣ እግሩ ሥር ተጽፏል።»

ዝም አለች። ከዚያ፣ «በርተሎሜዎስማ አልተገፈፈም ልጄ። እሱን አሸዋ በሞላ ከረጢት አድርገው ባሕር ነው የጣሉት። መስከረም 1 ስንክሳሩ ሲነበብ አትሰማም ነበር? እንቁጣጣሽ ስለሆነ ነው ሰው የማይሰማው» አለችኝ።

ልክ ናት። በእኛ ስንክሳር በርተሎሜዎስ የሚታሰበው በዘመን መለወጫው ቀን ነው፣ ሞቱም በባሕር ነው። በሮም ትውፊት ግን በርተሎሜዎስ አርመንያ ውስጥ ቆዳው ተገፍፎ ሞተ ይባላል። ቶማስን ደግሞ በጦር ወጉት ይላሉ። ግፈፋው በሁለቱም ትውፊት አለ፣ የተገፈፈው ሰው ግን ሌላ ነው። አሸዋውም እንደዚያው። በእኛ ዘንድ በሁለቱም ታሪክ ውስጥ አለ፣ አንዱ ተሸክሞት ይሄዳል፣ ሌላው አብሮት ባሕር ይሰምጣል።

ስለዚህ ስህተቴ ዕቃውን በማንበብ ላይ አልነበረም። ቆዳ ነው፣ ቢላ ነው፣ በትክክል አይቻለሁ። የሳትኩት ቀራጺው የትኛውን ታሪክ ሰምቶ እንዳደገ ሳልጠይቅ በመቅረቴ ነው። ዕቃ ስም አይናገርም፣ ታሪክ ነው የሚጠቁመው። ታሪኩ ውስጥ ማን እንዳለ የሚወስነው የሐውልቱ ሠሪና አሠሪ የሚያነቡት መጽሐፍ ነው። ደብተሬ ላይ አራተኛ ዓምድ ጨመርኩ፦ «በማን ትውፊት?»

አስተናጋጅነት የምሠራበት ምግብ ቤት ነገ ዝግ ነው። ነገ እመለሳለሁ። ይሄ ቶማስ ካልሆነ ቶማስ ሌላ ቦታ ቆሟል ማለት ነው።

ሰኞ

ቶማስን አገኘሁት፣ ያውም በማውቀው ዕቃ።

አንዱ ሐዋርያ የግንበኛ ስኳድራ አለው። ቀጥ ያለ ማዕዘን ያላት፣ ግንቡ ወይም እንጨቱ ዘጠና ዲግሪ መሆኑን የሚለኩባት መሣሪያ ናት። አዲስ አበባ ግንበኛው «ስኳድራ አቀብለኝ» ሲል የሚጠቀምበት ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ እዚህም ስሟ ያው ነው። እንግዲህ ግንበኛ የነበረ ሐዋርያ ማነው?

በዚህ ጊዜ በአራተኛው ዓምድ ጀመርኩ። በሮም ትውፊት ቶማስ በህንድ ለአንድ ንጉሥ ቤተ መንግሥት እንዲሠራ ገንዘብ ተሰጠው። እሱ ግን ገንዘቡን ለድሆች በተነው፣ ቤተ መንግሥቱን በሰማይ ሠራሁልህ አለው። ስኳድራው ከዚህ ታሪክ የመጣ ነው። በእኛስ? በእኛም ቶማስ ወደ ህንድ የገባው እንደ ባሪያ ተሽጦ ነው፣ ሙያው ሲጠየቅም ግንበኛና አናጢ መሆኑን ይናገራል። እዚህ ላይ ሁለቱ ትውፊቶች ይገጥማሉ። ስለዚህ ለእኔ ስኳድራው ከቆዳው ይልቅ አስተማማኝ ምልክት ነበር፤ ነገር ግን ቆዳው ዓይን ይስባል። «ቶማስ» ብዬ ጻፍኩ፣ ጋዜጣውን አወረድኩ፣ ቶማስ ነው።

ያስደነቀኝ ሌላ ነገር ደግሞ አለ። የበርተሎሜዎስንም የቶማስንም ሐውልት የቀረጸው አንድ ሰው ነው፣ ፒየር ለግሮ የተባለ ፈረንሳዊ። እኔ ያምታታኋቸውን ሁለቱን ሐዋርያት አንድ እጅ ለይቶ ሠርቷቸዋል። ለአንዱ ቆዳና ቢላ፣ ለሌላው ስኳድራ ሲሰጥ ለእሱ ምንም የሚያምታታ ነገር አልነበረም። እሱ ባደገበት ቆዳው የአንድ ሰው ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ ዕቃዎቹን የማይበት ዓይን ተለወጠ። ሁሉም አንድ ዓይነት ነገር አይናገሩም። የጳውሎስ ሰይፍና የእንድርያስ መስቀል አሟሟትን ይናገራሉ። የጴጥሮስ ቁልፍ የተሰጠውን ሥልጣን ነው። የቶማስ ስኳድራ ሙያ ነው። አንድን ዕቃ ሳይ መጀመሪያ «የሞተበት ነው ወይስ የሠራበት?» ብዬ መጠየቅ አለብኝ።

ይህ ጥያቄ ወዲያው ጠቀመኝ። አንዱ ሐዋርያ መጽሐፍ ይዞ ያነባል። መጽሐፍ ብቻውን ምንም አይጠቅምም፣ ሁሉም መጽሐፍ ሊይዙ ይችላሉ። ጋዜጣውን ትንሽ ዝቅ አደረግኩ። አንድ እግሩ ከረጢት ረግጧል፣ ከከረጢቱም ሳንቲም ይፈሳል። ቀራጩ ማቴዎስ! ገንዘቡን በእጁ ቢይዘው ቀራጭ ነው ማለት ነው፤ በእግሩ ሲረግጠው ግን ቀራጭ የነበረ፣ የተወው ማለት ነው። እዚህ ላይ ስሙን የሚነግረው ዕቃው ቢሆንም ታሪኩን የጨረሰው አቋሙ ነው። ይህን የሠራው ካሚሎ ሩስኮኒ ነው። የላቲኖቹ ትውፊት ማቴዎስ በኢትዮጵያ ሰብኮ እዚያው በሰይፍ ተገደለ ይላል፤ ሩስኮኒ ግን ሰይፉን ትቶ የገንዘቡን ከረጢት መረጠ። ሰይፍ ፈልጌ ብሄድ ኖሮ ማቴዎስን አላገኘውም ነበር።

ሰኞ ከሰዓት፣ በረንዳው ላይ

ስወጣ በመግቢያው በረንዳ ያለውን የቆስጠንጢኖስን ጥንታዊ ሐውልት አየሁ። የእሌኒ ልጅ፣ የእኛው ቆስጠንጢኖስ። የጦር ልብስ ለብሷል፣ ፊቱ ተላጭቷል። ጢም የለውም። ይህን ልብ ያልኩት ኪሴ ውስጥ ባለ ሳንቲም ምክንያት ነው።

የጣሊያን 50 ሳንቲም ዩሮ ላይ ፈረሰኛ አለ። ማርቆስ አውሬልዮስ ነው፣ በ2ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው የሮም ንጉሠ ነገሥት። ዋናው የነሐስ ሐውልት በመካከለኛው ዘመን የቆመው እዚሁ ላተራኖ ነበር፤ ሕዝቡም ቆስጠንጢኖስ ነው ብሎ ያምን ነበር። በዚያ ዘመን የአረማውያን ነገሥታት የነሐስ ሐውልቶች ለብረቱ ሲባል ቀልጠዋል። ይህኛው የተረፈው የመጀመሪያው ክርስቲያን ንጉሥ መስሏቸው ነው ይባላል። የተሳሳተ ስም ሐውልቱን አዳነው።

ታዲያ በምን ታወቀ? በ15ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩ ምሁራን ፊቱን ከጥንት ሳንቲሞች ጋር አስተያዩት። የፈረሰኛው ጢም ሙሉ ነው፣ ፀጉሩ ጥቅልል ነው። የቆስጠንጢኖስ ሳንቲም ላይ ያለው ፊት የተላጨ ነው። የጥንት ሳንቲም ፊትና ስም አንድ ላይ ይዞ ስለሚገኝ ለዚህ ሥራ ከሁሉ ይበልጣል። ፈረሰኛው በእጁ ምንም አልያዘም። ቀኝ እጁን ወደፊት ዘርግቷል፣ ያ ብቻ ነው። ይህ አዘረጋግ የንጉሥ መሆኑን ይነግራል እንጂ የትኛው ንጉሥ እንደሆነ አይነግርም።

ሐውልቱ በ1538 ወደ ካፒቶሊን ኮረብታ ተወሰደ፣ ዛሬ ዋናው ሙዚየም ውስጥ ነው፣ ውጭ የቆመው ቅጂው ነው። መቆሚያው ላይ ትክክለኛው ስም ተጽፏል። ግን ጽሑፉ ከዚያ መዛወር ጋር የመጣ ነው፣ ከሐውልቱ በ1,300 ዓመት ገደማ ያንሳል። የሚነግረን የ16ኛው ክፍለ ዘመን ሰዎች ማን ነው ብለው እንዳመኑ ነው። ልክ ቢሆኑም ምስክርነቱ የሳንቲሞቹ ነው፣ የጽሑፉ አይደለም።

ለዚህ ነው የሐዋርያቱን ጽሑፎች የማምናቸው። ስሙም ሐውልቱም የአንድ ሥራ አካል ናቸው፣ በአንድ ዘመን፣ በአንድ አሠሪ ዓይን ሥር ነው የተሠሩት። ደብተሬ ላይ አምስተኛ ዓምድ ገባ፦ «ጽሑፉ ከሐውልቱ ጋር አብሮ ነው የተሠራው?»

ቀጣዩ ቅዳሜ

የቀሩትን ጨረስኩ። ንስር አጠገቡ ያለው ወጣት ዮሐንስ ነው፤ ለእኛም ንስሩ የዮሐንስ ስለሆነ አላስቸገረኝም። መጋዝ ያለው ስምዖን። እግሩ ሥር ዘንዶ ያለውና መስቀል የያዘው ፊልጶስ። ፊልጶስን ከእንድርያስ የሚለየው የመስቀሉ ቅርጽ ነው። የእንድርያስ የተጋደመ ነው፣ የፊልጶስ ቀጥ ያለ።

ያስቸገሩኝ ሁለቱ ያዕቆቦች ናቸው። የዘብዴዎስ ልጅ በምዕራባውያን ዘንድ የመንገደኛ በትር ይዞ ይሣላል፣ ምክንያቱም ስፔን ወዳለው መቃብሩ ሰዎች በእግር ስለሚሳለሙ ነው። የእልፍዮስ ልጅ ደግሞ ልብስ አጣቢዎች የሚወቅጡበት ዱላ አለው፤ በዚያ ተመትቶ ሞተ ይላሉ። በትርና ዱላ ከታች ሆኖ ለሚያይ ሰው ሁለቱም እንጨት ነው። ረጅምና ቀጭን ከሆነ የመንገደኛው፣ አጭርና ጫፉ ወፍራም ከሆነ የአጣቢው ብዬ ገመትኩ። ግምቴን ጽፌ ጋዜጣውን ሳወርድ ልክ ሆኜ አገኘሁት። ግን ለዚህኛው እርግጠኛ ያደረገኝ ጽሑፉ ብቻ ነው። ስማቸው አንድ ስለሆነ ከስሙ ቀጥላ ታላቁና ታናሹ የምትል ቃል ትለያቸዋለች። ይህች ቃል ብትፋቅ ኖሮ ልከራከር አልችልም ነበር።

ታዴዎስን ደግሞ በማስወጣት ነው ያገኘሁት። ረጅም እጀታ ላይ የተሰካ መሣሪያ አለው። እንዲህ ያለ መሣሪያ ለማቴዎስም ለቶማስም የሚሰጡ አሉ። ሁለቱን ሌላ ቦታ ስላገኘኋቸው ብቻ ነው ታዴዎስ ነው ያልኩት። ብቻውን ቆሞ ባገኘው ስሙን አልጽፍም ነበር።

አንድ ወጥመድ ላይ ልወድቅ ነበር። ከእያንዳንዱ ሐዋርያ በላይ ግድግዳው ላይ ትልቅ የተቀረጸ ትዕይንት አለ። የሐዋርያው ታሪክ ነው ብዬ አንገቴን አቅንቼ ብዙ ደቂቃ ፈጀሁ። አይደለም። በአንድ ወገን የብሉይ፣ በሌላው ወገን የሐዲስ ኪዳን ታሪክ ነው፣ ፊት ለፊት እንዲተያዩ የተደረጉ። ከሐውልቶቹም በፊት የተሠሩ ናቸው። አጠገቡ ስላለ የእሱ ነው ማለት አይቻልም።

ያው ቅዳሜ ማታ

ዝርዝሩን ለእማዬ አነበብኩላት። በጣቷ እየቆጠረች ሰማችኝ። ጴጥሮስ፣ ጳውሎስ፣ እንድርያስ፣ ሁለቱ ያዕቆብ፣ ዮሐንስ፣ ቶማስ፣ ፊልጶስ፣ ማቴዎስ፣ በርተሎሜዎስ፣ ስምዖን፣ ታዴዎስ።

«ማትያስስ?» አለች።

እኔ 12 ቦታ ስላየሁ፣ 12 ስም ስላገኘሁ፣ አልጠረጠርኩም ነበር። እሷ ግን ቦታውን አላየችም፣ የምታውቀው ሰዎቹን ነው። «ጳውሎስማ ትልቅ ነው፣ ብርሃነ ዓለም ነው፣ ግን ከአሥራ ሁለቱ አይቆጠርም። በይሁዳ ፋንታ ዕጣ የወጣለት ማትያስ ነው። ወዴት አደረጉት?»

በሮም ጴጥሮስና ጳውሎስ የከተማዋ ጠባቂዎች ናቸው፣ አይነጣጠሉም። ሁለቱም መሠዊያው አጠገብ እንዲቆሙ ሲደረግ 12 ቦታ ለ13 ሰው አልበቃም። የቀረው ማትያስ ነው። ይህን ስነግራት «እሱ ደግሞ መጨረሻ የገባ ነው፣ ምን ያድርግ» አለች፣ በእውነት እያዘነችለት።

እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ

ከጓደኛዬ ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ተውሼ ወደ ቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ ሄድኩ። በቤተ ክርስቲያኑ ፊት ጣራ ላይ 13 ሐውልቶች ተደርድረዋል። መሃል ላይ ክርስቶስ ነው፣ ከጎኑ መጥምቁ ዮሐንስ። የቀሩት 11 ሐዋርያት ናቸው። ጴጥሮስ እዚያ ላይ የለም፤ የእሱ ሐውልት ታች፣ ከደረጃው አጠገብ ነው፣ የጳውሎስም እንዲሁ።

በመነጽሩ ከመሃል ወደ ቀኝ ሄድኩ። የተጋደመውን መስቀል አገኘሁ፣ እንድርያስ። ከዚያ እያለፍኩ እያለፍኩ እስከ ጫፉ። መጨረሻ ላይ፣ ከእሱ ወዲያ ሰማይ ብቻ ያለው፣ ማትያስ ቆሟል። ስልኬን በመነጽሩ ላይ ደግኜ ፎቶ አነሳሁት። ትንሽ ደብዝዟል። ለእማዬ ላክሁላት፣ ስሙን ከሥሩ በአማርኛ ጽፌ።